የሞግዚትነት ማብቂያ አቤቱታ ምንድን ነው?

እናትና አባቱ የሞቱበትን የእህታችሁን ልጅ በፍርድ ቤት ውሳኔ ሞግዚት ሆናችሁ አሳድጋችኋል እንበል። አሁን 18 ዓመት ሞልቶታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነገሩ በራሱ ያለቀ ይመስለውና ዝም ይላል። ወረቀቱ ግን በስማችሁ እንዳለ ነው። ባንኩም፣ የቤቱ ተከራይም፣ ክፍለ ከተማውም አሁንም የሚያውቁት እናንተን ነው። የሞግዚትነት ማብቂያ አቤቱታ የሚጻፈው ይህን ለመዝጋት ነው።

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አካለ መጠን ያልደረሰ የሚባለው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ስለዚህ ልጁ 18 ሲሞላ ሥልጣናችሁ የሚያበቃው በሕጉ ነው እንጂ ፍርድ ቤቱ ስለፈቀደላችሁ አይደለም። ብዙ ሰው "ከሞግዚትነት እንድነሳ ይፈቀድልኝ" ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ሲጻፍ ግን ልጁ ገና ሳያድግ ኃላፊነቱን መጣል የፈለገ ሰው ይመስላል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በቂ ምክንያትና የሚተካ ሰው ይጠየቅበታል። እዚህ የሚጠየቀው "ልጁ አካለ መጠን ስለደረሰ ሞግዚትነቴ ማብቃቱ በመዝገቡ ይረጋገጥልኝ" ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በእናንተ አካባቢ የሚሠራበትን ጠይቁ።

አቤቱታው የሚገባው ሞግዚትነቱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። የድሮውን መዝገብ ቁጥር ካልጻፋችሁበት ጸሐፊው መዝገቡን ለማግኘት ይቸገራል። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦

"አመልካች በመዝገብ ቁጥር … በ… ዓ.ም. በተሰጠ ውሳኔ የእህቴ ልጅ የ… ሞግዚትና አሳዳሪ ሆኜ ተሹሜ ነበር። ልጁ ሐምሌ 2 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደ ሲሆን ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. 18 ዓመት ሞልቶታል። በእጄ የነበረውን ንብረትና ሂሳብ አስረክቤዋለሁ። ስለሆነም ሞግዚትነቴና አሳዳሪነቴ ማብቃቱ ተረጋግጦ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ አመለክታለሁ።"

መጨረሻ ላይ አቤቱታው በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣችሁ ትፈርማላችሁ። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የልጁን መታወቂያና የቀድሞውን ውሳኔ ኮፒ ታያይዛላችሁ። ቀኑን በጥንቃቄ እዩት፤ 02/11/1998 በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2 ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ ግን ያው ቀን ጁላይ 9 ቀን 2006 ሆኖ ይገኛል፤ አንዱን ወረቀት በእኛ፣ ሌላውን በፈረንጅ አቆጣጠር አያይዛችሁ ሳታብራሩ ከተዋችሁት ልጁ 18 አልሞላም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል።

ሰው የሚጣላው ግን በቀን ሳይሆን በሂሳቡ ነው። ልጁ ከእናቱ የወረሰው ቤት በወር 8,000 ብር ይከራይ ነበር እንበል። በስድስት ዓመት 576,000 ብር ይሆናል። ለትምህርት፣ ለምግብና ለሕክምና 390,000፣ ለቤቱ ጥገናና ግብር 46,000 ወጥቷል፤ 140,000 ቀርቷል። ይህን በአንድ ገጽ ጻፉት። ደረሰኝ ያለውን አያይዙ፣ ለሌለው ምን እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። የቀረውን 140,000 በጥሬ ገንዘብ አትስጡት፤ በስሙ ባለው ሂሳብ አስገቡና ስሊፑን አያይዙ። የቤቱን ካርታና ቁልፍም ሲረከብ በጽሑፍ ይፈርም። በእኔ እምነት ሂሳቡን ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ማየት አለበት። በፍርድ ቤት በር ላይ "እዚህ ጋ ፈርም" የተባለ ልጅ ነገ ሌላ ዘመድ ሲያነሳሳው "ሳላነበው ነው የፈረምኩት" ይላል፣ እውነቱንም ነው። "ብርህን በላ" የሚለው ክስ አክስትን ወይም አጎትን ከልጁ ጋር ዕድሜ ልክ ያስቀያይማል።

ዳኛው ልጁን ሊጠራው ይችላል። ስለዚህ አብራችሁ ቅረቡ። "ሂሳቡን አይቻለሁ፣ ተረክቤያለሁ" ካለ ነገሩ ይቀላል። የሚጎድል አለ ካለ ደግሞ ሞግዚትነቱ ማብቃቱ ባይቀርም የሂሳቡ ክርክር ሊቀጥል ይችላል።

አንድ ነገር ግን ይለያል። ልጁ በአእምሮ ሕመም ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት ራሱን ማስተዳደር የማይችል ከሆነ ይህን አቤቱታ አስገብታችሁ ዝም አትበሉ። 18 መሙላቱ ብቻውን አይጠብቀውም፤ ፍርድ ቤቱ ራሱንና ንብረቱን እንዳያስተዳድር በፍርድ የተከለከለ መሆኑን ወስኖ ሞግዚት እንዲሾምለት የሚጠየቅበት የተለየ አቤቱታ አለ።

ትእዛዙ ሲወጣ የተረጋገጡ በርከት ያሉ ግልባጮች ውሰዱ። አንዱን ለልጁ፣ አንዱን ለባንኩ፣ አንዱን ቤቱ ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ስጡ። ተከራዩም ከቀጣዩ ወር ጀምሮ ኪራዩን ለልጁ እንዲከፍል በጽሑፍ አሳውቁት።