ከማእከሉ የራቀ ጭነት የሚሸከም የቡሎን ስብስብ

በአምድ ላይ በቡሎን የታሰረ የብረት ላሜራ ከጎን ወጥቶ ጭነት ሲሸከምና የጭነቱ መስመር በቡሎኖቹ ስብስብ ማእከል ሳያልፍ ሲቀር፣ ቡሎኖቹ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ ላሜራው ወደ ታች እንዳይንሸራተት ይይዙታል፣ እንዳይዞርም ያግዱታል። ከመጀመሪያው ሥራ የሚመጣው ኃይል ቀጥተኛ ሸር፣ ከሁለተኛው የሚመጣው ደግሞ የመጠምዘዝ ሸር ይባላል። ጭነቱ ከላሜራው ገጽ ወጣ ብሎ ቡሎኖቹን ወደ ውጭ የሚስብበት ሁኔታ ሌላ ስሌት ስለሚጠይቅ እዚህ አልተካተተም።

በተለመደው ስሌት ላሜራው የማይታጠፍ፣ ቡሎኖቹም እኩል ውፍረት ያላቸው ተደርገው ይወሰዳሉ። ቀጥተኛው ሸር ጭነቱን ለቡሎኖቹ ቁጥር በማካፈል ይገኛል፤ ለሁሉም እኩል ነው፣ አቅጣጫውም የጭነቱ አቅጣጫ ነው። የመጠምዘዝ ሸር ግን ቡሎኑ ከማእከሉ በራቀ መጠን ይጨምራል፤ አቅጣጫውም ማእከሉንና ቡሎኑን ከሚያገናኘው መስመር ጋር ቀጥ ያለ ማእዘን ይሠራል። ስለዚህ ሁለቱ ኃይሎች ቁጥራቸው ብቻ ሳይሆን አቅጣጫቸውም ታይቶ መደመር አለባቸው።

ለምሳሌ ስድስት ቡሎኖች በሁለት ዓምድና በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል እንበል። በሁለቱ ዓምዶች መካከል 120፣ በተከታታይ ረድፎች መካከል ደግሞ 80 ሚሊ ሜትር አለ። የ90 ኪሎ ኒውተን ጭነት ከማእከሉ በስተቀኝ 200 ሚሊ ሜትር ርቆ ወደ ታች ይጫናል። ቀጥተኛው ሸር ለእያንዳንዱ ቡሎን 15 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል። የመጠምዘዣው ሞመንት 90 × 200 = 18,000 ኪሎ ኒውተን ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሁሉም ቡሎኖች ርቀት ካሬ ድምር እንዲህ ይወጣል፦

Σ(x² + y²) = 6 × 60² + 4 × 80² = 47,200

የማእዘን ቡሎን ከማእከሉ በአግድም 60፣ በቁመት 80 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ የመጠምዘዝ ሸሩ በአግድም 18,000 × 80 ÷ 47,200 = 30.5፣ በቁመት ደግሞ 18,000 × 60 ÷ 47,200 = 22.9 ኪሎ ኒውተን ነው። ላሜራው ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ለመዞር ስለሚሞክር በቀኝ በኩል ያሉትን ቡሎኖች ወደ ታች፣ በግራ በኩል ያሉትን ወደ ላይ ይገፋል። በቀኝ ማእዘን ያለው የቁመት ኃይል 15 + 22.9 = 37.9 ይሆናል፤ ከአግድሙ ጋር ሲዋሃድም እንዲህ ነው፦

√(37.9² + 30.5²) = 48.6

በግራ ማእዘን ግን የቁመቱ ኃይል 15 − 22.9 ስለሆነ አብዛኛው ይጣፋል፤ ውህዱም 31.5 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው። አራቱም የማእዘን ቡሎኖች ከማእከሉ እኩል 100 ሚሊ ሜትር ይርቃሉ፤ ሆኖም ከሁሉ የበለጠ የተጫኑት በቀኝ በኩል የላይኛውና የታችኛው ናቸው። እንግዲህ የሚፈለገው ቡሎን ከማእከሉ የራቀው ብቻ ሳይሆን፣ መጠምዘዙ ከጭነቱ ጋር የሚተባበርበትም ጭምር ነው።

የምልክት ስህተት እንዳለ ለመፈተሽ የቁመቱን ኃይሎች መደመር ይረዳል፤ በቀኝ ሦስት ጊዜ 37.9 ወደ ታች፣ በግራ ሦስት ጊዜ 7.9 ወደ ላይ፣ ልዩነታቸው 90 ነው። ከዚህ ቁጥር ካልተደረሰ አንዱ ምልክት ተገላብጦ ሊሆን ይችላል።

አቅጣጫን መርሳት ውድ ስህተት ነው። ሁለቱ ሸሮች ሁልጊዜ ቀጥ ባለ ማእዘን ይገናኛሉ ብሎ ቀጥተኛውን 15ንና የማእዘን ቡሎኑን ሙሉ የመጠምዘዝ ሸር 18,000 × 100 ÷ 47,200 = 38.1ን በካሬ ያዋሃደ ሰው 41 ያገኛል፤ ይህም ከእውነተኛው በ16 በመቶ ያህል ያንሳል። ሁለቱን በቁጥር ብቻ የደመረ 53.1 ያገኛል፤ እሱ ቢያንስ ወደ አስተማማኙ ወገን ተሳስቷል። ከሁሉ የከፋው መጠምዘዙን ጨርሶ መርሳት ነው። በአውሮፓ የብረት ግንባታ ዲዛይን ደንብ በዩሮኮድ 3 መሠረት መቆረጫ ገጹ በክሩ ላይ የሚያልፍ ኤም 16 ቡሎን የጥንካሬ ደረጃው 4.6 ከሆነ ወደ 30 ኪሎ ኒውተን የሸር አቅም አለው፤ ለ15 ቢለካ እጥፍ የተረፈ ይመስላል፣ ለ48.6 ግን ይቆረጣል። ደረጃ 8.8 የሆነው ወደ 60 ስለሚደርስ ይችላል። የላሜራው ቀዳዳ ጠርዝም ለዚሁ ኃይል መፈተሽ አለበት።

ሌላው የተለመደ ስህተት 200 ሚሊ ሜትሩን ከማእከሉ ሳይሆን ለጭነቱ ከሚቀርበው የቡሎን ዓምድ ጀምሮ መለካት ነው። በዚህ ምሳሌ ርቀቱ 140 ተብሎ ቢያዝ ሞመንቱ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል።

ይህ ስሌት ቡሎኖቹ ገና ከመለጠጥ ገደባቸው እንዳልወጡ ያስባል። በእርግጥ በጣም የተጫነው ቡሎን ሲበላሽ ከመቆረጡ በፊት እየተዛባ ሸክሙን ለጎረቤቶቹ ያካፍላል፤ ስለዚህ ስብስቡ ከስሌቱ የበለጠ መሸከም ይችላል። ላሜራው በቅጽበት የሚዞርበትን ነጥብ እየፈለገ የሚሠራው ዘዴ ይህን ተጨማሪ አቅም ይቆጥራል፤ ነገር ግን መልሱ በተደጋጋሚ ሙከራ ስለሚገኝ በእጅ ሲሠራ አድካሚ ነው፣ ተሰባሪ ለሆኑ ማያያዣዎችም አይስማማም።