ገዢው ክፍያው ላይ ደርሶ የሚጠፋው የት ጋ ነው? የጅምር ትዕዛዝ ትንተና ምንድን ነው?

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ጫማ የምትሸጥ አንዲት ልጅ አለች እንበል። ሱቅ አላት፣ ግን ብዙውን የምትሸጠው ቴሌግራም ቻናሏ ላይ በምትለጥፈው ሊንክ ነው። ሊንኩ ወደ ዌብሳይቷ ይወስዳል። ገዢው ጫማና ቁጥር ይመርጣል፣ ስልኩንና ሰፈሩን ይሞላል፣ የመላኪያ ዋጋ ያያል፣ ከዚያ ይከፍላል። በአንድ ሳምንት 200 ሰው ይህንን ጀምሮ የጨረሰው 80 ብቻ ነው። (ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተቀመጡ ናቸው።) ሌላው 120 ሰው የት ገባ?

ብዙ ነጋዴ እዚህ ጋ መልሱን በግምት ይሰጣል። "ዋጋው በዝቶባቸው ነው" ይልና ቅናሽ ያወጣል። ዋጋው የበዛበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ቁጥሩንና ሰፈሩን ሞልቶ፣ የክፍያ መንገድ መርጦ እስከመጨረሻው አይመጣም፤ ገና ጫማውን ሲያይ ይመለሳል። ስለዚህ ስንት ሰው ጠፋ ከሚለው ይልቅ የት ጋ ጠፋ የሚለው ይበልጣል። የጅምር ትዕዛዝ ትንተና የሚባለው ይኸው ነው፦ ክፍያውን በደረጃ ከፋፍሎ እያንዳንዱ ሰው መጨረሻ የታየበትን ደረጃ መያዝ።

የልጅቷ ሱቅ ስድስት ደረጃ አለው። 1 ቼክአውት፣ ማለትም የማዘዣና የክፍያ ገጹ፣ ተከፈተ፣ 2 ስልክና አድራሻ ተሞላ፣ 3 የመላኪያ ዋጋ ታየ፣ 4 የክፍያ መንገድ ተመረጠ፣ 5 የክፍያ ጥያቄ ተላከ፣ 6 ተከፈለ። ገዢው አንዱን ባለፈ ቁጥር አንድ መስመር ይመዘገባል፦ ማን፣ የትኛው ደረጃ፣ ስንት ሰዓት ላይ። ጎግል አናሊቲክስ የምትጠቀሙ ከሆነ `begin_checkout`፣ `add_shipping_info`፣ `add_payment_info` እና `purchase` የሚሉት ኢቨንቶች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። የራሳችሁ ዳታቤዝ ካለ ግን እሱ ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የሚበላሸው ነገር አቆጣጠሩ ነው። አንድ ሰው ሞክሮ እምቢ ሲለው እንደገና ይጀምራል፣ ሦስተኛ ጊዜ ይሳካለታል። ትዕዛዝ ከቆጠራችሁ ሁለት የጠፋና አንድ የገዛ አላችሁ። ሰው ከቆጠራችሁ ግን አንድ ገዢ ነው፣ ማንም አልጠፋም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገዢ የደረሰበትን ሩቁን ደረጃ ብቻ ያዙ፦

```sql
SELECT furthest, COUNT(*)
FROM (
  SELECT buyer, MAX(step) AS furthest
  FROM checkout_events
  GROUP BY buyer
) t
GROUP BY furthest;
```

እዚህ ውስጥ `buyer` የሚለው ስልክ ቁጥሩ ነው። ስልኩን ሳይሞላ ለሄደ ሰው ደግሞ ብሮውዘሩ የያዘው የሴሽን መለያ ይገባል። ስልኩን ሲሞላ ግን ቀድሞ በሴሽን መለያ የተመዘገበው የመጀመሪያ ደረጃ መስመሩም ወደ ስልኩ ይቀየር፤ አለዚያ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። ስልኩን አንድ ዓይነት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አንዱ በ09፣ አንዱ በ+251 ከገባ ያው ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

ይህ ጥያቄ የሚያወጣው በየደረጃው የቀሩትን ነው። ልጅቷ ቁጥሮቹን ከስድስተኛው ደረጃ ጀምራ ወደ ኋላ ስትደምር ለየደረጃው የደረሱትን እንዲህ አገኘች እንበል፦ 200 ጀመሩ፣ 170 አድራሻ ሞሉ፣ 150 የመላኪያ ዋጋውን አዩ፣ 140 የክፍያ መንገድ መረጡ፣ 130 የክፍያ ጥያቄ ተላከላቸው፣ 80 ከፈሉ። ከላይ ያለው መንጠባጠብ የሚጠበቅ ነው። ዓይን የሚስበው መጨረሻው ነው። ከ130 ሰው 50ው፣ ማለትም 38 በመቶው፣ በአንድ እርምጃ ረገፈ። እነዚህ ደግሞ ሊከፍሉ እጃቸውን ኪስ የከተቱ ሰዎች ናቸው።

አብዛኛው ጽሑፍ እዚህ ጋ ያቆምና "የክፍያ ገጻችሁን አሳምሩ" ይላል። እኔ ግን 50ውን አንድ ላይ ማየት ራሱ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ከአምስተኛው እስከ ስድስተኛው ደረጃ ባለው ክፍተት ውስጥ ጨርሶ የማይገናኙ ነገሮች ይከሰታሉ፣ ሁሉም ግን ዳሽቦርዱ ላይ "አልከፈለም" ተብለው ይወጣሉ።

መጀመሪያ መለየት ያለባቸው ከፍለው እንዳልከፈሉ የተቆጠሩት ናቸው። አዎ፣ አሉ። ገዢው ፒኑን ያስገባል፣ ብሩ ከሒሳቡ ይቀነሳል፣ የማረጋገጫ ቴክስት ይደርሰዋል። ለእሱ ነገሩ አለቀ፤ ብሮውዘሩን ይዘጋዋል። ዌብሳይቱ ግን የተሠራው ገዢው ወደ "እናመሰግናለን" ገጽ ሲመለስ "ተከፈለ" ብሎ እንዲመዘግብ ነው። ገዢው አልተመለሰም፣ ምዝገባውም አልተካሄደም። ሊንኩ ቴሌግራም ውስጥ ሲከፈት ደግሞ ይብሳል። ሰውየው ቴክስቱን ሊያይ ወይም የክፍያ አፑን ሊከፍት ሲወጣ፣ ሜሞሪው ትንሽ የሆነ ስልክ ከኋላ ያለውን ገጽ ይዘጋዋል። ሲመለስ ገጹ ከዜሮ ይጀምራል።

እነዚህን ለማግኘት የራሳችሁን ዝርዝርና የክፍያ ድርጅቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የግብይት መለያ ቁጥሩ ነው። ለምሳሌ ቻፓ በሚባለው የክፍያ ድርጅት በኩል ክፍያ ስትጀምሩ `tx_ref` የሚባል የራሳችሁን መለያ ትልካላችሁ። በኋላ ቻፓ የሰጣችሁን ሚስጥራዊ ቁልፍ `Authorization: Bearer` በሚለው ሄደር አያይዛችሁ፣ በዚያው መለያ ምን ላይ እንደደረሰ መጠየቅ ይቻላል፦

```
GET https://api.chapa.co/v1/transaction/verify/<tx_ref>
```

ልጅቷ 50ውን አንድ በአንድ ስትጠይቅ 14ቱ ተከፍለዋል የሚል መልስ መጣ እንበል። እንግዲህ የገዛው 80 ሳይሆን 94 ሰው ነው። ከ130 የጠፋው ደግሞ 36፣ ማለትም 28 በመቶ ገደማ ነው። እነዚህ 14 ሰዎች የገጽ ማሳመር ጉዳይ አይደሉም፤ ብራቸውን ከፍለው ጫማ የሚጠብቁ ደንበኞች ናቸው። ከመካከላቸው ለአንዷ ደውላ "እህቴ፣ ትዕዛዝሽን ጀምረሽ ሳትጨርሺ ቀረሽ፣ ምን አጋጠመሽ?" ብትላት መልሱ ግልጽ ነው፦ "እንዴ! ከፈልኩ እኮ፣ ቴክስቱም ስልኬ ላይ አለ። እናንተ ናችሁ የጠፋችሁት።" ሌቦች ናቸው ተብሎ ቻናሉ ሥር የሚጻፈው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

መፍትሔው "ተከፈለ" የሚለውን ከገዢው ብሮውዘር አለመጠበቅ ነው። የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር በቀጥታ ለእናንተ ሰርቨር ያሳውቅ፤ እናንተም መልሳችሁ አረጋግጡ። የራስ ዳታቤዝ ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። ጎግል አናሊቲክስ በተለመደው አገጣጠሙ የሚያየው ብሮውዘሩ ላይ የሆነውን ነው፤ ገዢው ገጹን ከዘጋ ለእሱ ግዢው አልተካሄደም።

ቀሪው 36 ሰው ነው። እዚህ ጋ የሚጠቅመው በጥያቄው መላክና በመጥፋቱ መካከል ስንት ጊዜ እንዳለፈ ማየት ነው። የክፍያ ገጹን ከፍቶ በጥቂት ሰከንድ የወጣ ሰው ያየው ነገር አስደንግጦት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ስም። ቻናሉ በአንድ ስም ይታወቃል፣ የክፍያ ገጹ ላይ ግን በንግድ ፈቃዱ ያለው ሌላ ስም ይወጣል፤ ብር በስህተት ወይም በማጭበርበር ለማያውቀው ሰው የሄደበት ሁሉ "ይሄ ማነው?" ብሎ ይመለሳል። ከክፍያው ቁልፍ በላይ "የሚከፍሉት ለእገሌ ንግድ ነው፣ የእኛው ድርጅት ነው" የሚል አንድ መስመር ብዙ ያድናል።

ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ የጠፋው ግን ሞክሮ ያቃተው ሊሆን ይችላል። ምናልባት ፒን የሚጠይቀው መልእክት ስልኩ ላይ ሳይመጣ ጊዜው አልፎበታል፣ ወይም ደግሞ የሞላው ስልክ ቁጥር ቴሌብር ያለበት አይደለም። አንዳንዱ ሁለት ሲም ይይዛል፤ ለማድረሻ የሚሰጠው አንዱን፣ ብሩ ያለው በሌላው ነው። ዌብሳይቱ ሳይጠይቅ ለመጀመሪያው ቁጥር ጥያቄውን ከላከ ሰውየው ባዶ ስክሪን ሲያይ ይቆያል። "የሚከፍሉበት ቁጥር ይሄው ነው?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ሒሳቡ ላይ በቂ ብር የሌለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከክፍያ ድርጅቱ ውድቅ የሚል መልስ ይዞ ስለሚመጣ ለብቻው መለየት ይቻላል። ለእሱ ገጽ ብታሳምሩለት ምንም አይጠቅመውም፤ ዕቃውን እስከ ነገ ብትይዙለት ነው የሚሻለው።

አራተኛው ደረጃ ላይ "በባንክ አስተላልፋለሁ" ብሎ የመረጠውን ከዚህ ሁሉ አውጡት። እሱ ባንክ አፑ ውስጥ ገብቶ ያስተላልፋል፣ ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ይልካል፣ ምናልባትም ማታ። ጠፋ ለማለት ቢያንስ አንድ ቀን ጠብቁት። ዉኮሜርስ የሚባለው የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌር ይህንን በራሱ ይለያል፤ የባንክ ማስተላለፍ ትዕዛዝ `On hold` ላይ ይቀመጣል፣ ክፍያ የሚጠበቅበት ኦንላይን ትዕዛዝ ግን `Pending payment` ላይ ነው። የዕቃ ብዛት መቆጣጠሪያው በርቶ ማቆያ ጊዜው ካልተነካ፣ ሁለተኛው ከ60 ደቂቃ በኋላ በራሱ ይሰረዛል። ስለዚህ `Cancelled` ብዛቱን አይታችሁ "ደንበኞች እየሰረዙብን ነው" አትበሉ። ብዙውን የሰረዘው ሰዓቱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የጠፉትን በሰዓት ደርድሩ። መጥፋቱ በአንድ ምሽት አንድ ሰዓት ውስጥ ከተከመረ ጉዳዩ የገዢ ሳይሆን የኔትወርክ ወይም የክፍያ ሲስተም መቆም ነው፣ ያንን ሰዓት ከሒሳቡ አውጡት። ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በUTC ስለሚመዘግቡ 16:00 የሚለው በእኛ ማታ 1 ሰዓት ነው። ይህንን ረስቶ "ሰው ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ይጠፋል" ብሎ የሚከራከር አይጠፋም።

ትንተናው የት ጋ እንደጠፉ እንጂ ለምን እንደጠፉ በእርግጠኝነት አይነግራችሁም፤ ለምኑ ስልክ መደወል የግድ ነው። በሳምንት 20 ትዕዛዝ ብቻ የሚጀመርበት ሱቅ ከሆነ ደግሞ የሁለትና የሦስት ሰው ልዩነት አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል ወር ሙሉ አጠራቅሙ። አንድ ነገር አስተካክላችሁ ውጤቱን ስትለኩ ያንኑ ደረጃ ብቻ አወዳድሩ፣ አጠቃላይ ሽያጩን አይደለም። ደመወዝ የሚወጣበትን ሳምንት ደግሞ ከወር አጋማሽ ጋር አታነጻጽሩ፤ ያኔ ሒሳቡ ላይ ብር ያለው ሰው ስለሚበዛ፣ ገጹን ባትነኩትም ቁጥሩ ይሻሻላል።