እያወሩ መሮጥ፦ ስለ ቀላል ሩጫ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ካላለከለክኩ ሮጥኩ አልልም»

ይህን ያለችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። አምና ኅዳር ለሚደረገው ታላቁ ሩጫ ትዘጋጅ ነበር። በሳምንት አራት ቀን ከሥራ በፊት 6 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ሁልጊዜ ያው መንገድ፣ ሁልጊዜ 38 ደቂቃ አካባቢ፣ ሁልጊዜ ቁና ቁና እየተነፈሰች። በሁለተኛው ወር እግሯ ከበዳት። ረቡዕ ረቡዕ ፍጥነት እንሥራ ተባብለን ስንወጣ መፍጠን አቃታት። የቀሩት ሦስት ቀኖች ጉልበቷን ጨርሰውታል። ለፍጥነት ቀን የተረፈ ነገር የለም።

በሰውነታችን ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። በዝግታ ስንሮጥ ጡንቻ ስብና ስኳርን በኦክስጅን እያቃጠለ ይሠራል። ትንፋሽ ይጨምራል፣ ግን በሥራው ልክ ነው። ፍጥነቱ አንድ ደረጃ ሲያልፍ ጡንቻው ስኳር በጥድፊያ መጠቀም ይጀምርና አሲድ ወደ ደም ይገባል። ደም ያንን አሲድ ሲያረግበው ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። አንጎል ደግሞ ያንን ጋዝ ለማስወጣት ሳንባን ያጣድፋል። ስለዚህ የምናለከልከው የምናስገባው አየር ስላነሰ ብቻ አይደለም። የምናስወጣው ስለበዛም ነው።

ንግግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የምንናገረው አየር ስናስወጣ ነው። አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ቀጣዩን ትንፋሽ ለጥቂት ሴኮንድ ማዘግየት ያስፈልጋል። በዝግታ ስንሮጥ ሰውነት ይህን ይፈቅዳል። ያቺን ደረጃ ካለፍን በኋላ ግን አይፈቅድም፣ ወሬው መሀል ላይ ይቆረጣል። በቤተ ሙከራ በትንፋሽ መለኪያና በደም ምርመራ የሚፈለገውን ድንበር አፋችን በግርድፉም ቢሆን ይነግረናል ማለት ነው።

ከድንበሩ በታች ረጅም ጊዜ ስንቆይ ነው ኮንዲሽን የሚሠራው። ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል። በጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ምግብን በኦክስጅን ወደ ጉልበት የሚቀይሩት ሚቶኮንድሪያዎችም ይበዛሉ። ይህ ሁሉ ደቂቃ ይፈልጋል፣ ማለክለክ ግን አይፈልግም። እያለከለኩ መሮጥም ይጠቅማል፣ ግን ማግስቱን ይበላል።

ባልደረባዬ ሦስቱን ቀኖች ወደ ወሬ ፍጥነት አወረደቻቸው። ያው 6 ኪሎ ሜትር 46 ደቂቃ ፈጀባት። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ተናደደች፤ እግረኛ ሊቀድመኝ ነው እያለች። ረቡዕን ብቻ ለፍጥነት ተወችው። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ላይ እግሯ መታዘዝ ጀመረ። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ መንገድ፣ እያወራችኝ፣ በ42 ደቂቃ ትጨርሰው ነበር።

«ትልልቆቹ ሯጮቻችን ግን ሁሌ በፍጥነት ነው የሚሮጡት»

ቴሌቪዥን ላይ የምናየው የውድድር ቀናቸውን ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:41 ሲጨርስ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ነበር የሚሮጠው። ማለዳ እንጦጦ ጫካ ወይም ሱሉልታ ብትሄዱ ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ። በቀላል ቀናቸው ሯጮቹ በተርታ ተከታትለው በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ ሲሄዱ አጀማመራቸው ሶምሶማ ነው። አስፋልቱን የሚተዉትም ለእግራቸው ሲሉ ነው። ለስላሳው መሬትና መጠማዘዙ ራሱ ፍጥነትን ይይዛል።

የእነሱ ቀላል ለእኛ ከባድ ሊሆን ይችላል፣ እሱ እውነት ነው። የሚመሳሰለው የልፋቱ መጠን ነው። ኖርዌይ የሚሠራው የስፖርት ተመራማሪ ስቴፈን ሳይለር የታላላቅ የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ ሲያጠና ከ10 ልምምዳቸው 8ቱ ገደማ ቀላል ሆኖ አግኝቶታል። ይህን ሒሳብ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚሮጥ ሰው እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ከሁለቱ አንዱን ቀላል ቢያደርግ በቂ ነው። በሳምንት አራትና አምስት ቀን ለሚሮጥ ግን ሒሳቡ በደንብ ይሠራል።

«እኔ እኮ እየሮጥኩ አወራለሁ፣ ስለዚህ ቀላል ነው»

ምን ዓይነት ወሬ? ጥያቄው እሱ ነው። አብሮኝ የሚሮጥ ጓደኛ ነበረኝ። ሁልጊዜ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «እሺ፣ ከዛስ?» «እሱስ ምን አለ?» ጨዋታ የሚወድ ሰው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ዳገት ላይ እኔ ዞሬ ጠየቅኩት። «ደህና» አለና ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። ለካ አጫጭር ጥያቄ የሚወረውረው እኔ ሳወራ እሱ ትንፋሹን እንዲሰበስብ ነው።

መለኪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ትናንት ቤት ውስጥ የሆነውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ ከሄዳችሁ ልክ ናችሁ። በየአራት አምስት ቃሉ አየር መሳብ ካስፈለጋችሁ አልፋችኋል። አንድ አንድ ቃል ብቻ ከወጣላችሁ ደግሞ የፍጥነት ቀን ልምምድ ላይ ናችሁ። መሀል ላይ ያለው ስሜት ያታልላል። ራሳችሁን «ተመችቶኝ ነው የማወራው?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ «እ... እንደ ነገሩ» ከሆነ ድንበሩ ላይ ደርሳችኋልና ቀንሱ።

ብቻውን የሚሮጥ ሰው በቃሉ የሚያውቀውን ነገር ድምፁን አውጥቶ ይበል። ጸሎት ሊሆን ይችላል፣ የልጅነት ግጥም ሊሆን ይችላል። እኔ ሀሁ እቆጥራለሁ። ከሀ እስከ ሆ ያሉትን ሰባቱን፣ ከዚያ የለ ቤትን፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በተለመደ የንግግር ፍጥነት። ሁለቱ ቤቶች ሳልጣደፍ ካለቁልኝ እቀጥላለሁ።

ጊዜውም ይታሰብበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ማንም ሰው ያወራል፣ ትንፋሽ እግርን የሚከተለው ዘግይቶ ነውና። ስለዚህ ፈተናው ከ10 ደቂቃ በኋላ ይጀመር፣ ከዚያም በየ10 ደቂቃው ይደገም። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ቸል አትበሉ። ሙቀትና የውሃ ጥም ሲጨምር ያው ፍጥነት ቀስ በቀስ ይከብዳል።

«ያለ ሰዓት ልፋቴን በምን ልለካ? ግምት እኮ ነው»

ሰዓቱም ይገምታል። የልብ ምትን ገደብ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ ነው። የ40 ዓመት ሰው ከፍተኛ ምቱ 180 ነው ይባላል። በእውነት ግን 168 ወይም 192 ሊሆን ይችላል፣ ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ ነው። ጠዋት ቡና ከጠጣችሁ፣ እንቅልፍ ካጣችሁ ወይም ፀሐዩ ከከረረ ምቱ ራሱ ይቀያየራል።

ሰዓት ቤት ትታችሁ ስትወጡ ከወሬው ሌላ የምታዩዋቸው ነገሮች አሉ። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣና ጡጫችሁ ከተጨበጠ ልፋቱ ጨምሯል ማለት ነው። ኮቴያችሁ ኮሮኮንቹ ላይ ጧ ጧ ማለት ከጀመረ ወይ ደክሟችኋል ወይ ፈጥናችኋል። ትንፋሻችሁ ለራሳችሁ ጎልቶ የሚሰማችሁ ከሆነም እንደዚያው። የመጨረሻው መለኪያ ቤት ስትደርሱ ነው፦ «ይህንኑ መንገድ አሁን ድገመው ብባል እችላለሁ?» በቀላል ቀን መልሱ ባትፈልጉት እንኳ «አዎ» መሆን አለበት። ጫማ ለመፍታት ደረጃ ላይ ቁጭ ብላችሁ አምስት ደቂቃ ካልተነሳችሁ ቀላል አልነበረም።

«በአፍንጫ ብቻ መተንፈስ ከቻልኩ በቃኝ»

ለብዙ ሰው ጥሩ ምልክት ነው። ሳይነስ ወይም አስም ላለበት፣ ጉንፋን ለያዘው ግን አይሠራም። የለመደ ሰው ደግሞ ድንበሩን አልፎም አፉን ዘግቶ መሮጥ ይችላል። ወሬው ይሻላል።

«ዱብ ዱብ ስል እንኳ ማውራት አልችልም፣ ሩጫ የእኔ አይደለም»

ለጀማሪ ሶምሶማም ከድንበሩ በላይ ነው። መፍትሔው እርምጃ ነው። ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ ሌላ ሁለት ደቂቃ፣ እንዲህ እያሉ 30 ደቂቃ። የእርምጃውን ደቂቃ የሚወስነውም አፍ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ሲመለስ ሩጫው ይቀጥላል። ከሳምንታት በኋላ ሁለቱ ደቂቃ አራት፣ ስድስት ይሆናል። ዳገት ላይ መራመድ ደግሞ ለጀማሪ ብቻ አይደለም። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ስሮጥ ወሬዬ ከተቋረጠ እኔም እራመዳለሁ። በዚያ ቀን የያዝኩት ሥራ ልፋቱን መጠበቅ ነው።

ደረት የሚያጨንቅ ሕመም ወይም ማዞር ካለ፣ ወይም በዝግታ ስትራመዱ እንኳ ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ነገሩ የኮንዲሽን ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ቆማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

«ቀላል ፍጥነቴን አውቀዋለሁ፣ የትም ብሄድ ያው ነው»

ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር ሰው ለበዓል አዲስ አበባ ሲመጣ ይህን በመጀመሪያው ጠዋት ያየዋል። ከባሕር ጠለል አጠገብ ተነስቶ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚሮጠው። አየሩ ሳስቷል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። እዚያ እያወራ የሚሮጥበት ፍጥነት እዚህ ያስለከልከዋል። እንጦጦ ከወጣማ 3,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሰዓቱ ላይ የሞላው የኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህን አያውቅም። የመጀመሪያውን ሳምንት ዘመዱን አስከትሎ ይውጣ፣ የቤተሰቡን ወሬ ያውራ፣ ወሬው በተቆረጠ ቁጥር ይቀንስ። እዚያ 6 ደቂቃ የሚፈጅበት ኪሎ ሜትር እዚህ 7 ደቂቃ ቢፈጅበት ልፋቱ ያው ሊሆን ይችላል።