በዓል ላይ መሥራት፦ የሚባለውና ሕጉ የሚለው

የበዓል ሰሞን የሺፍት ፕሮግራም ሲለጠፍ የሚነሱ አባባሎች ናቸው። መልሱ የተመሠረተው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው። የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

«በዓል ላይ ከሠራሁ ክፍያው ሁለት ተኩል ነው።»

ሁለት ተኩል የሚመጣው መደበኛው ሰዓት ካለቀ በኋላ ነው። አዋጁ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በሁለት ቦታ አስቀምጧል። አንቀጽ 75 በበዓል ቀን ለተሠራ ለእያንዳንዱ ሰዓት የሰዓት ደመወዝህ በ2 ተባዝቶ ይከፈል ይላል። አንቀጽ 68 ደግሞ ስለ ኦቨርታይም ነው። በበዓል ቀን ኦቨርታይም ከሠራህ ማባዣው 2.5 ይሆናል። ሰው ሁለቱን ያቀላቅልና ወይ አብዝቶ ይጠብቃል፣ ወይ የሚገባውን ሳያገኝ ይቀራል።

በቁጥር እንየው። አንዲት የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ የወር ደመወዟ 7,800 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ የሰዓት ደመወዟ 37.50 ብር ነው። በገና ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገብታ፣ የአንድ ሰዓት ምሳ ወጥታ፣ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሠራች። ይህ 8 ሰዓት ነው። 37.50 በ8፣ ከዚያ በ2 ሲባዛ 600 ብር ይመጣል። እንግዳ በዝቶ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከቆየች ሦስት ሰዓት ተጨመረ። ለሦስቱ ሰዓት 37.50 በ2.5 እየተባዛ 281.25 ብር ይሆናል። የቀኑ ድምር 881.25 ብር ነው።

እዚህ ላይ ፔሮል ክፍል የሚወዳት አንዲት ክርክር አለች። «የቀኑ ደመወዝ ወር ደመወዝሽ ውስጥ አለ፤ እኛ የምንጨምረው አንዱን እጅ ብቻ ነው» ይላሉ። በዚህ ስሌት 600 ብሩ ወደ 300 ይወርዳል። እኔ አይዋጥልኝም። አንቀጽ 74 በወር የሚከፈለው ሠራተኛ በበዓል ቀን ባለመሥራቱ ደመወዙ አይቀነስም ይላል። ይህች ሴት ቤቷ ቡና እያፈላች ብትውልም የወር ደመወዟ ሙሉ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱ እጅ የሚከፈለው ለሠራችው ሥራ ነው፣ ከወር ደመወዙ በላይ። የድርጅትህ የኅብረት ስምምነት ይህን በግልጽ አስቀምጦት ከሆነ ጭቅጭቁም ይቀርልሃል። መጀመሪያ እሱን አንብብ።

«ፋሲካ እሑድ ስለሆነ የእሑዱም የበዓሉም ይታሰብልኛል።»

አይታሰብም። ሁለት በዓላት አንድ ቀን ላይ ቢገጥሙ፣ ወይም በዓሉ የእረፍት ቀን ላይ ቢውል፣ የሚከፈለው የአንድ በዓል ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ላይ ዋለ። እሑድ፣ ፋሲካና የአርበኞች ቀን በአንድ ቀን ተደራረቡ። ያን ቀን የሠራ ሰው ሦስት ዓይነት ክፍያ አልነበረውም። ቅር የሚያሰኝ ነው፣ ግን አዋጁ ላይ በግልጽ የተጻፈ ነገር ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር መጣላት አያዋጣም።

«የእኔ ሃይማኖት በዓል ስላልሆነ ተጨማሪ አይገባኝም አሉኝ።»

የሕዝብ በዓል የሁሉም ነው። ገና ላይ የሠራ ሙስሊም፣ ዒድ ላይ የሠራ ክርስቲያን እኩል ይከፈለዋል። አዋጁ ስለ ቀኑ እንጂ ስለ አክባሪው አይጠይቅም።

«ሌላ ቀን እረፍት ከሰጡኝ ገንዘቡ ይቀራል።»

አሠሪው እረፍት ቢሰጥህ ደግ አደረገ። የበዓሉን ክፍያ ግን አያስቀርም፤ አዋጁ ያለው ይከፈል ነው። «የወር ደመወዜ የበዓል ሥራን ይጨምራል» የሚል ውል ፈርመህ ቢሆን እንኳ፣ የሥራ ውል ሕጉ ከሰጠህ በታች ሊወርድ አይችልም። ከሕጉ በላይ መስጠት ግን ይችላል። ስለዚህ ለመደበኛውም ሰዓት 2.5 የሚከፍል ድርጅት ካጋጠመህ ተሳስቶ ነው አትበል።

«በዓል ነው፤ አልገባም ብል ማንም ምንም አይለኝም።» ወይም በተቃራኒው፦ «አለቃ ካዘዘ እምቢ ማለት የለም።»

ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ናቸው። መጀመሪያ የሚታየው ሥራህ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ መብራት፣ ውኃ፣ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ፋብሪካ በዓል ብሎ አይዘጋም። ተቀጥረህ ስትገባ በሺፍት እንደምትሠራ፣ በዓልም እንደሚጨምር ውልህ ወይም የሥራ ደንቡ ካለ፣ ፕሮግራም የወጣልህን ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ከሥራ መቅረት ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊያስከትል ይችላል። በአንድ ቀን መቅረት ብቻ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማባረር አይቻልም። ለዚያ አዋጁ የሚጠይቀው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን መቅረትን ነው፣ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ።

ውልህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቢሮ መግባት ብቻ ከሆነና በበዓል ዋዜማ ማታ «ነገ ትገባለህ» ቢሉህ ነገሩ ሌላ ነው። አሠሪ ሊያዝህ የሚችለው በውሉና በሥራ ደንቡ ላይ ተመሥርቶ ነው። «ትእዛዙ በየትኛው የውሉ አንቀጽ ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ያስኬዳል። አደጋ ከደረሰ ወይም የሰው ሕይወትና ንብረት አስጊ ሁኔታ ላይ ከወደቀ ግን ክርክሩን ትተህ ማገዝ ግዴታህ ነው።

ከስምንት ሰዓት በላይ ቆይ ሲሉህ ጉዳዩ ወደ ኦቨርታይም ይገባል፤ እዚያ ሕጉ የበለጠ ይጠብቅሃል። ኦቨርታይም የሚታዘዘው አሠሪው ሌላ አማራጭ ሲያጣ፣ ምክንያቱም ከአራቱ አንዱ ሲሆን ነው፦ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ ችግር ሲመጣ፣ አስቸኳይ ሥራ ሲያጋጥም፣ ወይም ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሰው ለመተካት። ያም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ያለ አግባብ የሚለጠጠው «አስቸኳይ ሥራ» የሚለው ነው። የፋሲካ ግርግር አስቸኳይ ነው ይሉሃል። ፋሲካ ግን ድንገት አይመጣም፤ ቀኑ ዓመቱ ሲገባ ይታወቃል። በእኔ አስተያየት ቀድሞ ሰው ያልመደበ አለቃ ይህን ምክንያት ሊመዘው አይገባም። ነፍሰ ጡር ሴት ኦቨርታይም አትሠራም። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ሠራተኛ ደግሞ በበዓል ቀን ጭራሽ አይመደብም።

«አሁን አልጣላም፤ ሥራ ስለቅ ሁሉንም አንድ ላይ እጠይቃለሁ።»

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። የደመወዝና የኦቨርታይም ጥያቄ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የወጥ ቤት ሠራተኛችን 881.25 ብር ታኅሣሥ 30 ከደመወዟ ጋር መግባት ከነበረበት፣ ሰኔ 30 ላይ ጊዜው ያበቃል። ለሰው ኃይል ክፍል በቃል ማማረር ይርጋውን አያቆመውም። ጉዳዩን የሥራ ክርክር ለሚያይ አካል ማቅረብ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው የሚያቆመው። እስከዚያው የተለጠፈውን የሺፍት ፕሮግራም በስልክ ፎቶ አንሳ፤ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት ጻፍ፤ የደመወዝ ወረቀትህን አትጣል።