ከሳተላይት ምስል የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ካርታ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ የአሠራር ዘዴ አንቀጽ

በጂኦግራፊ፣ በተፈጥሮ ሀብትና በጂአይኤስ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎች ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ አንድ የማይቀር አንቀጽ አለ። የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ካርታዎቹ ከየትኛው የሳተላይት ምስል፣ በምን መንገድ እንደተሠሩ የሚናገረው ነው። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ፈታኞች ግን መጀመሪያ የሚገልጡት እሱን ነው። ከእሱ በኋላ ያለው ሠንጠረዥና መቶኛ ሁሉ የቆመው በዚያ አንቀጽ ላይ ነውና።

ይህ ዳሰሳ ጉዳዩን በአንድ ቦታ ላይ ያሳያል። ቦታው በአማራ ክልል፣ በአዊ ዞን የሚገኘው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። ከተማው አዲስ ቅዳም ይባላል። በሌላው የደጋ አካባቢ የተለመደው ታሪክ ደን ተመንጥሮ እርሻ መሆኑ ነው። ከዚያው ከጎጃም፣ በደምበጫ አካባቢ የተደረገ የታወቀ ጥናት የእርሻ መሬት በ1957 ከነበረበት 39 በመቶ በ1995 ወደ 77 በመቶ ማደጉን አሳይቷል (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ተለይቶ ካልተነገረ በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፋግታ ለኮማ ግን ነገሩን ገልብጦታል። ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ዛፍ ተክሎ፣ አክስሎ፣ ከሰሉን መሸጥ ያዘ። እርሻው ዛፍ ሆነ። ማንም አላስገደደውም፤ አስልቶ ነው የተከለው።

በየጽሑፉ የሚታየው አንቀጽ፣ ከብዙዎቹ ቀንጨብ ቀንጨብ አድርገን ስናዋቅረው፣ ይህን ይመስላል፦ «የ1986፣ የ2000 እና የ2023 የላንድሳት ምስሎች ወረዱ። የከባቢ አየርና የጂኦሜትሪ እርማት ተደረገላቸው። በ4፣ 3፣ 2 የባንድ ቅንብር ታይተው በማክሲመም ላይክሊሁድ ዘዴ በአምስት ክፍል ተመደቡ። አጠቃላይ ትክክለኛነቱ 87 በመቶ ሆነ።» ሲነበብ ደህና ይመስላል። ሆኖም ይህን ይዞ ካርታውን እንደገና መሥራት የሚችል ሰው የለም።

መጀመሪያ ቀኑ። «የ1986 ምስል» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ወሩ ይፈለጋል። በክረምት ምስሉ ደመና ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጤፉና ገብሱ ገና ማሳ ላይ ስላለ ከሣር ጋር ይምታታል። በጥር ሰብሉ ተሰብስቦ ማሳው ገለባና አፈር ይሆናል፤ ዛፉ ግን እንደለመለመ ነው። ስለዚህ የጥር ምስል ይመረጣል። አንድ ወጥመድ ግን አለው፦ አዊ ውስጥ በበጋ በመስኖ የሚለማ መሬት ስላለ፣ በጥር አረንጓዴ የሆነው ሁሉ ዛፍ አይደለም። ምስሎቹ ሁሉ ከአንድ ወቅት መሆናቸው ካልተጻፈ፣ አንባቢው ያየው የመሬቱን ለውጥ ይሁን የወቅቱን መለየት አይችልም።

ቀኑ ከፋይሉ ስም ላይ በቀጥታ ይነበባል፦

```
LT05_L2SP_170052_YYYYMMDD_...
```

LT05 ማለት ላንድሳት ከተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች አምስተኛው፣ ላንድሳት 5 ነው። 170052 ደግሞ ሳተላይቱ የሚያልፍበት መስመር 170፣ ረድፍ 52 ሲሆን የጣና ዙሪያንና ፋግታ ለኮማን የሚይዘው ምስል ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ስምንት አሃዝ ምስሉ የተነሳበት ዓመት፣ ወርና ቀን ነው። ይህን ስም ሙሉውን በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ከብዙ ዓረፍተ ነገር ይበልጣል። የዘመን አቆጣጠር ግርግርንም ይገላግላል። ቃለ መጠይቁ በእኛ፣ ምስሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እየሆነ የሰባትና የስምንት ዓመት ስህተት የሚገባባቸው ጽሑፎች አሉና።

ከ1972 ጀምሮ ያሉት የመጀመሪያዎቹ የላንድሳት ምስሎች 80 ሜትር ገደማ ጥራት ስላላቸው ለትንንሽ ማሳ አይመቹም። ከዚያ በፊት ያለው የአየር ፎቶግራፍ ነው። የተማሪው እውነተኛ ሀብት ላንድሳት 5 ነው። በመጋቢት 1984 ተተኩሶ እስከ ኅዳር 2011 ምስል ሰጥቷል፤ በየ16 ቀኑ ወደ አንድ ቦታ ይመለስ ነበር፣ አንዷ ፒክስል 30 ሜትር በ30 ሜትር ነች። ክምችቱ በ2008 በነፃ ከመለቀቁ በፊት አንዱ ምስል በመቶዎች ዶላር ይገዛ ነበር፤ የድሮ ጽሑፎች በሁለት ምስል ብቻ የሚያወዳድሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ላንድሳት 7 በ1999 ጀምሮ በግንቦት 2003 መጨረሻ አንድ መሣሪያው ተበላሸ። ከዚያ በኋላ ያሉት ምስሎቹ ላይ 22 በመቶ የሚሆነው ቦታ በጥቁር ሰንበር ተበልቷል። ሰንበሩን በሌላ ቀን ምስል የሞላ ተማሪ መሙላቱን መጻፍ አለበት። ላንድሳት 8 ከ2013፣ ላንድሳት 9 ከ2021 ወዲህ አሉ።

ከሌላ ጽሑፍ መገልበጥ የሚታወቀው ባንዱ ላይ ነው። ባንድ ማለት ሳተላይቱ ለየብቻ የሚቀርጸው አንድ የብርሃን ዓይነት ነው። በላንድሳት 5 ባንድ 4 ለዓይን የማይታየው ቅርብ ኢንፍራሬድ ስለሆነ 4፣ 3፣ 2 ሲቀናበር ዛፉ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። በላንድሳት 8 ቁጥሩ ተቀይሯል፤ ኢንፍራሬዱ ባንድ 5 ነው። እዚያ 4፣ 3፣ 2 ማለት ተራ የተፈጥሮ ቀለም ነው። «ሁሉም ምስሎች በ4፣ 3፣ 2 ታዩ» ካለ፣ ወይ አላያቸውም ወይ አንቀጹን ከድሮ ጽሑፍ ወስዶታል። እርማቱም እንዲሁ ነው። የፋይሉ ስም L2SP ካለ የከባቢ አየር እርማቱ ተሠርቶ የመጣ ነው። ተማሪው ደግሞ «አረምኩ» ካለ፣ ወይ ሁለቴ ታርሟል ወይ የተጻፈው አልተደረገም።

የጂኦሜትሪው ነገር ግን ችላ አይባልም። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ ልኬት መነሻ ላይ የተሠሩ ሲሆኑ ምስሎቹ በሌላ መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ላይ ናቸው። የወረዳ ወሰን ከድሮው ካርታ ተገልብጦ ሳይቀየር ምስሉ ላይ ቢጫን ከ100 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ከሦስት ፒክስል በላይ ማለት ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ወንዙና መንገዱ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ እኩል ተገፍቶ ይታያል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን መሬቱ የሚመደብባቸውን ክፍሎች መሰየም ነው። ፋግታ ለኮማ ላይ ብዙ ካርታ የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ2015 ያወጣችው የደን ትርጉም ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ይጠይቃል። የአንድ ቤተሰብ ዲከረንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቃዳ የሚለካ ነው። አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር፣ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። የላንድሳት ፒክስል 900 ካሬ ሜትር ስለሆነች ቃዳው ሦስት ፒክስል እንኳ አይሞላም። ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ፒክስሎች ግማሽ ዛፍ ግማሽ ማሳ ይሆናሉ። እናም ይህን «ደን» ማለት ይቻላል? «ተከላ» ማለት ይሻላል። ከቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ካለው የተፈጥሮ ደን ጋር በአንድ ስም ከተጠሩ ካርታው «ደን ጨመረ» ይላል፤ ነባሩ ደን ግን በዚያው ጊዜ እየሳሳ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍና ዲከረንስን በላንድሳት መለየቱም አስቸጋሪ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ነውር የለውም፤ አለመናገር ነው ነውሩ።

ቀጥሎ ማስረጃው ይመጣል። ለ2023 ካርታ በጂፒኤስ መሬት ላይ ሄዶ ነጥብ መውሰድ ይቻላል። ለ1986ስ? ከጉግል ኧርዝ የሚገኘው ጥርት ያለ የገጠር ምስል ያን ያህል ወደ ኋላ አይሄድም። የሚቀሩት የአየር ፎቶግራፍና ሽማግሌዎች ናቸው። አንድ አባት ማሳቸው ዳር ቆመው «ይቺ በድልድሉ ጊዜ የገብስ ማሳ ነበረች፤ ዛፉ ኋላ ነው የመጣው» ቢሉ፣ ድልድሉ በእኛ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. የተካሄደው የክልሉ የመሬት ድልድል ስለሆነ ንግግራቸው ቀን አለው። «በፊት» ብቻ ካሉ ግን ቀን የለውም። አንቀጹ ሽማግሌዎቹ በየትኛው ክስተት እንደተጠየቁ ቢናገር ያምርበታል። ሌላው ዋና ነገር፣ ኮምፒውተሩን ለማስተማር የተወሰዱት ናሙናዎችና ካርታውን ለመፈተን የተወሰዱት ነጥቦች መለየት አለባቸው። 97 እና 98 በመቶ ትክክለኛነት ስታዩ ይህን ጠርጥሩ። ጥያቄውን ከነመልሱ ሰጥቶ እንደመፈተን ነው።

አጠቃላይ ትክክለኛነቱ፣ ማለትም ከተፈተኑት ነጥቦች ካርታው በትክክል የመደባቸው መቶኛ፣ ራሱም ብዙ ነገር ይደብቃል። የዘወትሩ የ85 በመቶ መስፈርት በ1976 ከወጣ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሰነድ የመጣ ነው። እንደ ሕግ ይጠቀስ እንጂ መነሻው ለሌላ አገርና ለሌላ ሥራ ነበር። ሁለት ካርታዎች እያንዳንዳቸው 85 በመቶ ቢሆኑና ስህተታቸው ባይገናኝ፣ ተደራርበው የሚወጣው የለውጥ ካርታ 0.85 ሲባዛ በ0.85፣ ማለትም 72 በመቶ ገደማ ነው። ለውጡ ራሱ ከመሬቱ 5 በመቶ ብቻ ከሆነ በስህተቱ ይዋጣል።

ስፋቱም ከካርታው ላይ በፒክስል ቆጠራ ብቻ አይወሰድም። ለምሳሌ ያህል 10,000 ሄክታር ላይ ካርታው 2,000 ተከላ፣ 8,000 ሌላ ይበል። በተከላው ክፍል ከተፈተኑ 100 ነጥቦች 80ው እውነትም ተከላ ሆኑ። በ«ሌላው» ክፍል ከተፈተኑ 100 ነጥቦች 10ሩ ተከላ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የተከላው ስፋት ከ2,000 ሰማንያ በመቶው 1,600፣ ከ8,000 አሥር በመቶው 800፣ ድምሩ 2,400 ሄክታር ነው። ካርታው 400 ሄክታር አጉድሏል። አብዛኛው ያመለጠው ያቺ ሦስት ፒክስል የማትሞላ ቃዳ ትሆናለች።

የመጨረሻው የዲከረንስ ጠባይ ነው። ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል። ከዚያ ሣሩ፣ ቀጥሎ ዛፉ ይነግሣል። በአራትና በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ይከስላል፤ መሬቱ እንደገና ጤፍ ይሆናል። የ2015ቱ ምስል ላይ ዛፍ፣ የ2023ቱ ላይ ማሳ ያገኘ ካርታ «ተከላው ወደ እርሻ ተለወጠ» ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን ማሳው ተራውን እየጠበቀ ነው። መፍትሔው በየዓመቱ የጥርን ምስል ወስዶ የአረንጓዴነት መለኪያውን፣ ኤንዲቪአዩን፣ በመስመር መሳል ነው። የተፈጥሮ ደን መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የዲከረንሱ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣና ይወርዳል። ከ2015 ወዲህ ሴንቲኔል 2 በ10 ሜትር ፒክስል ስለሚያነሳ በአንዲት ቃዳ 25 ፒክስል ይገኛል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዲከረንሱን በሽታ ገብቶበት ዛፉ በቁሙ መድረቅ ጀምሯል። መስመሩ ላይ ቁልቁል መውረዱ ከመቆረጥ ጋር አንድ ዓይነት ይመስላል። በሦስተኛው ዓመት ላይ የወረደ መስመር ካለ ጥርጣሬ ይገባል፤ ገበሬ ያለጊዜው አይቆርጥምና። ተቆርጦ ይሁን ደርቆ ግን ምስሉ አይናገርም። እዚያ ማሳ ድረስ መሄድ ነው።