የተዛባ ናሙና ሰው በመጨመር የማይታረመው ለምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ አብሮኝ ስታቲስቲክስ የሚማር ጓደኛዬ በአካባቢው ያሉ የቡና ገበሬዎች ምርታቸውን በእሸቱ ይሸጡ ወይስ አድርቀው በጀንፈል መልክ ይሸጡ እንደሆነ ለማወቅ፣ በለቀማ ወቅት አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ደጃፍ ቆሞ 100 ገበሬ ጠየቀ። አማካሪው የናሙና አወሳሰዱ የተዛባ መሆኑን ሲነግሩት፣ «ታዲያ 2,500 ሰው ብጠይቅ አይስተካከልም ወይ?» አለኝ። መልሱ አይስተካከልም ነው፤ ምክንያቱ ግን ዘርዘር ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ከናሙና የሚገኝ ግምት ከእውነተኛው ቁጥር የሚርቀው በሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ነው። አንደኛው የዕጣ መለዋወጥ ሲሆን፣ ዛሬ የወጣው ናሙና ነገ ከሚወጣው በጥቂቱ ይለያል፤ ልዩነቱም አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስለሚሆን ናሙናው ሲበዛ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሁለተኛው መዛባት ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ስለሆነ የሚያጣፋው ተቃራኒ የለውም። ቡና የሚያስመዝን ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሚዛኑ እየተወዛወዘ አንዴ ግማሽ ኪሎ የሚጨምር፣ አንዴ ግማሽ ኪሎ የሚቀንስ ከሆነ ደጋግሞ መመዘን ይረዳል፤ ከመነሻው ሁለት ኪሎ የሚሰርቅ ከሆነ ግን መቶ ጊዜ ቢመዘንም የሚጎድለው ያው ሁለት ኪሎ ነው።

የጓደኛዬን ጥናት ለስሌት እንዲመች በፈጠርኳቸው ቁጥሮች እንየው። በአካባቢው 100,000 ገበሬዎች አሉ እንበል፤ ከእነርሱ 30,000ው እሸት፣ 70,000ው ጀንፈል ይሸጣሉ። ትክክለኛው መልስ እንግዲህ 30 በመቶ ነው። እሸት ሻጭ ቡናው ሳይበላሽ በተለቀመበት ዕለት ማስረከብ ስላለበት ወደ ጣቢያው ይመላለሳል፤ ደጃፉ ላይ የመገኘት ዕድሉ 60 በመቶ ይሁን። ጀንፈል ሻጩ በበኩሉ ቡናውን ቤቱ በማድረቂያ አልጋ ላይ ስለሚያደርቅ በዚያ የሚያልፈው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ የእርሱን ዕድል 10 በመቶ እናድርገው። ስለዚህ ደጃፉ ላይ ሊገኙ የሚችሉት 18,000 እሸት ሻጮችና 7,000 ጀንፈል ሻጮች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 25,000 ሰዎች ውስጥ የእሸት ሻጮች ድርሻ 72 በመቶ ነው።

ጓደኛዬ 100 ሰው ሲጠይቅ ግምቱ በ72 ዙሪያ ይወድቃል፤ የ95 በመቶ የስህተት ህዳጉም 9 ነጥብ ያህል ስለሆነ ከ63 እስከ 81 በመቶ ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። 2,500 ሰው ቢጠይቅ ህዳጉ ወደ 2 ነጥብ ገደማ ይጠባል፤ ሪፖርቱም ከ70 እስከ 74 በመቶ ይላል። የ42 ነጥቡ መዛባት ግን አንዲት ነጥብ እንኳ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሪፖርቱ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ይበልጥ እርግጠኛ ሆኗል። በእኔ ግምት የከፋው ጉዳት ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ሰፊ ህዳግ አንባቢን ቢያንስ ያስጠነቅቅ ነበር። በአንጻሩ ከሁሉም ገበሬዎች ዝርዝር 100 ሰው በዕጣ ቢመረጥ ህዳጉ ያው 9 ነጥብ ያህል ቢሆንም የሚያርፈው በ30 ዙሪያ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ማን እንደሚያሸንፍ ለመተንበይ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአገሩ መጽሔት በስልክ ማውጫና በመኪና ባለቤቶች መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ ላንደን ያሸንፋል ቢልም ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ60 በመቶ በሚበልጥ ድምፅ ተመረጠ። በጊዜው ስልክና መኪና የነበራቸው ባብዛኛው የተሻለ ኑሮ ያላቸው ነበሩ፤ ወረቀቱን ሞልቶ ለመመለስ የተነሳሳውም ካልመለሰው ይለይ ነበር።

መዛባቱ ከሰበሰብነው መረጃ ውስጥ ራሱን አይገልጥም፤ የሚታወቀው ከውጭ ካለ ነገር ጋር ሲነጻጸር ነው። ለምሳሌ ከናሙናው ውስጥ ከጣቢያው ርቀው የሚኖሩት ድርሻ በቀበሌው መዝገብ ካለው እጅግ ካነሰ ነገሩ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ሰው የመገኘት ዕድሉ በትክክል ከታወቀ በክብደት ማረም ይቻላል፤ 18,000ን ለ0.6፣ 7,000ን ለ0.1 ብናካፍል 30,000ና 70,000 ተመልሰው ይመጣሉ። ችግሩ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው እነዚህን ዕድሎች የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ወደ ጣቢያው ጨርሶ የማይመጣ ገበሬ ካለ ደግሞ ዕድሉ ዜሮ ስለሆነ፣ የትኛውም ክብደት አይመልሰውም።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የመከርኩት፣ ለ2,500 ሰው ያሰበውን ጊዜና የትራንስፖርት ገንዘብ ከቀበሌው ዝርዝር በዕጣ ለሚወጡ 200 ገበሬዎች እንዲያውለው ነው። ለቀማ ላይ የዋለ ገበሬ ቀን ቤቱ አይገኝምና ከመግሪብ በኋላ ደግሞ መሄድ ያስፈልጋል፤ እርሱን ትቶ ቤቱ የተገኘውን ጎረቤት መጠየቅ ግን በደጃፉ የተተወውን መዛባት በጓሮ በር መልሶ ማስገባት ነው።