የሚሸጥ ቤት ፎቶን ማጽዳት፦ ባሕር ዳር ላይ የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፎቶ ከተነካ ውሸት ነው። ቤቱ እንዳለ ተነሥቶ እንዳለ መለጠፍ አለበት።»

እንዲህ የሚሉት ብዙዎቹ አንድ ጊዜ የተታለሉ ሰዎች ስለሆኑ አልፈርድባቸውም። ሆኖም በር ላይ የተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች፣ በግቢው የተዘረጋው የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ሳሎን ውስጥ የተከመረው ፍራሽ ሁሉ ሻጩ ሲወጣ አብረውት የሚወጡ ናቸው። እነርሱን ከፎቶው ማውጣት ስለ ቤቱ የሚሰጠውን መረጃ አያጎድልም፤ የክፍሉን ስፋትና የወለሉን ሁኔታ እንዲያውም ይገልጠዋል። የሚሻለው ግን ከኮምፒውተር በፊት በእጅ ማንሣት ነው። ጀሪካኑ ከስፍራው ሲነሣ ከሥሩ ያለው እውነተኛ ወለል ይታያል፤ በኮምፒውተር ሲጠፋ ግን የሚታየው ወለል የተገመተ ነው።

የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ገዢው ቁልፍ በሚረከብበት ቀን ይህ ነገር እዚያ ይኖራል? የማይኖር ከሆነ ሊወጣ ይችላል፤ የሚኖር ከሆነ አይነካም። ጥያቄው በሌላው አቅጣጫም ይሠራል። በብረት ማማ ላይ የተቀመጠውን ሮቶ ሻጩ ነቅሎ የሚወስደው ከሆነ፣ በፎቶው ላይ መተውም ገዢውን ማሳሳት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ትንሽ ነገር አይደለም።

«መኪና ተንቀሳቃሽ ነው። ማጥፋቱ ምን ችግር አለው?»

ችግሩ ያለው መኪናው ጀርባ ነው። ሽምብጥ አካባቢ ያለ ፎቅ የሌለው አንድ ቤት ሲሸጥ፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ግድግዳውን ታክኮ የቆመ ፒካፕ ነበር። አሻሻጩ «አጥፋልን» አለ። የማጽጃው መሣሪያ ፒካፑ የነበረበትን ቦታ ከጎኑ ካለው ልስን በመቅዳት ሞላውና ንጹሕ፣ ክሬም ቀለም ያለው ግድግዳ ተገኘ። በኋላ የመኪናው ባለቤት መጥቶ ሲያነሣው እውነተኛው ግድግዳ ታየ፤ ልስኑ እስከ ጉልበት ድረስ ተላልጧል፣ ከተላላጠው በላይ ነጭ የጨው መስመር ተዘርግቷል፣ ከመስኮቱ ማዕዘን ደግሞ ወደ ጎን የሚወርድ ስንጥቅ አለ።

ሦስቱም ምልክቶች ለግንበኛ የሚናገሩት አላቸው። ነጩ መስመር ውኃ ከመሠረቱ ወደ ግድግዳው እየተሳበ ወጥቶ ሲደርቅ የተወው ጨው ነው። በሐይቁ ዳር ዝናቡ ካበቃ በኋላ የጣና ውኃ ከፍ ብሎ ስለሚቆይ የመሬቱም እርጥበት ቶሎ አይቀንስም። ስንጥቁ ከአፈሩ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ጥቁር የሸክላ አፈር ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይኮማተራል፣ ጥልቀት የሌለው መሠረት ደግሞ አብሮት ይነቃነቃል። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን የሚነሣ ሰያፍ ስንጥቅ ይህን ዓይነት መነቃነቅ ያስጠረጥራል። ፒካፑን በኮምፒውተር ማጥፋት እነዚህን ሁሉ አብሮ ማጥፋት ነበር፤ ያውም ማንም ሳያስበው። መሣሪያው ከመኪናው ጀርባ ምን እንዳለ አያውቅም፤ ከአጠገቡ ያየውን ይደግማል እንጂ።

ስለዚህ ከመኪና ጋር ያለኝ ሥርዓት ይህ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጎ ማስነሣት፤ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ልመና የአንድ ሰዓት የኮምፒውተር ሥራ ያስቀራል። ካልተገኘ፣ የካሜራውን ማቆሚያ ሦስት እግሮች በጠመኔ መሬት ላይ ምልክት አድርጎ በሌላ ሰዓት፣ በተቀራራቢ ብርሃን ከዚያው ቦታ ማንሣት። ከሁለቱ ፎቶዎች አንዱ ላይ የታየው ግድግዳ በሌላው ላይ ሲገባ፣ የገባው ነገር በእርግጥ ካሜራው ያየው ነው። ይህም ካልተቻለ መኪናው በፎቶው ላይ ይቀራል። የቆመ መኪና ያለበት ፎቶ ቤት እንዳይሸጥ አድርጎ አላየሁም።

ለሚያልፉ ባጃጆችና ሰዎች ደግሞ ያለ ምንም ፈጠራ የሚሠራ ዘዴ አለ። ካሜራውን ሳያነቃንቁ፣ ብርሃኑን የሚወስነውን ቅንብር ቆልፈው፣ በየሃያ ሰከንዱ ዘጠኝ ያህል ፎቶ ያነሣሉ። ፎቶሾፕ ላይ `File > Scripts > Load Files into Stack` ብለው ሲያስገቡ አንድ ላይ ወደ `Smart Object` እንዲቀየሩ ምልክት ያደርጋሉ፤ ከዚያ `Layer > Smart Objects > Stack Mode > Median` ይመርጣሉ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከዘጠኙ መካከለኛውን ይወስዳል። ባጃጁ በአንድ ቦታ ላይ የታየው በሁለት ወይም በሦስት ፎቶ ብቻ ከሆነ ይጠፋል፤ የቀረው አስፋልትም እውነተኛው አስፋልት ነው። ከግማሽ በላይ በሆኑት ፎቶዎች አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከተገኘ ግን አይጠፋም። ነፋስ ካለ የዛፎቹ ቅጠሎች ይደበዝዛሉ፤ ያን ለማስተካከል ዛፉን ብቻ ከአንዱ ፎቶ መውሰድ ይበቃል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ባጃጆቹ የሚያልፉ ሳይሆኑ ከግቢው በር ፊት ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁ ከሆነ ያ ቦታ ማቆሚያ ነው፣ ገዢውም ጠዋት ጠዋት የሚጋፈጠው እርሱን ነው። አንዱ ባጃጅ ይሄዳል፤ ሰልፉ ግን ይኖራል። ይህ ከሆነ ቢያንስ አንድ ፎቶ ሰልፉን ማሳየት አለበት።

«ሰማይ ላይ ያለው ሽቦ የቤቱ አካል አይደለም። ፎቶ ከማበላሸት በቀር ምንም አይፈይድም።»

ሽቦ ሁሉ አንድ አይደለም። ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ የድሮ ዲሽ ገመድ፣ ሳሎን ወለል ላይ የተጋደመ ማራዘሚያ፣ ሻጩ ነቅሎ የሚሄደው የኢንተርኔት መስመር ቢጸዱ የሚጎዳ የለም። ከምሰሶ ወደ ቆጣሪው የሚገባው መስመር ግን ይቆያል፤ ስለዚህ ይቆይ።

ከሁሉ የሚከፋው በግቢው ላይ ወይም አጥሩን ታክኮ የሚያልፈውን ከፍተኛ መስመር ማጥፋት ነው። ይህን መለየት አስቸጋሪ አይደለም፤ በምሰሶው አናት ስኒ በሚሏቸው ነገሮች ላይ የተቀመጡ፣ ምንም ልባስ የሌላቸው ሦስት ሽቦዎች ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ትራንስፎርመር የሚያያዝበት መስመር ነው። ቦታ ገዝቶ ሁለተኛ ፎቅ የማሠራት ሐሳብ ያለው ሰው ከእነዚህ ሽቦዎች መራቅ ያለበት ርቀት የሚፈቀድለትን ከፍታ ሊወስን ይችላል። ሽቦውን ከፎቶ ማጥፋት በካርታው ላይ ያለውን ቦታ በገዢው ዓይን ከእውነቱ የሰፋ ማድረግ ነው።

ደግሞም የማጽጃውን መሣሪያ ሳይነኩ በካሜራው ብቻ ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። ጥግ መርጦ ምሰሶውን ከክፈፉ ማስወጣት፣ ወይም ፎቶውን ከላይ መቁረጥ ውጤቱ አንድ ነው። የሳሎኑን ውበት ለማሳየት የተመረጠ ጥግ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ከተለጠፉት ፎቶዎች ሁሉ አንዱም መስመሩን የማያሳይ ከሆነ ምርጫው ድብቅ ሆኗል ማለት ነው።

ገዢ ለሆነ ሰው፦ የጠፋ ሽቦ ብዙ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። ምሰሶ አለ፣ ስኒ አለ፣ ከስኒው የሚነሣ ነገር የለም። ወይም በግድግዳው ላይ የቀጭን መስመር ጥላ አለ፣ ጥላውን የጣለው ግን አይታይም። ሰማዩን አጉልተው ሲያዩት የደመናው አንድ ቁራጭ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ይገኛል።

«እምቦጩ ነፋስ ሲነፍስ ይሄዳል። ከሐይቁ ላይ ባጠፋው ማንን ይጎዳል?»

የቁልፉ ጥያቄ ብቻውን የማይበቃው እዚህ ላይ ነው። እምቦጭ በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሚታወቅ፣ በነፋስና በሞገድ ከዳር ወደ ዳር የሚሄድ ተንሳፋፊ አረም ነው። ዛሬ ያለበት ዳርቻ በሚቀጥለው ሳምንት ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ሄዶ ግን ሊመለስም ይችላል። ተመላላሽ ነገር በቁልፍ ርክክብ ቀን ባይኖርም የቦታው ጠባይ ነው። የሐይቅ ዕይታ ያለው ቤት ንጹሕ ውኃ እንዲታይበት የሚፈልግ ሻጭ፣ ውኃው ንጹሕ የሆነበትን ቀን ጠብቆ ያስነሣና ወሩን ከሥሩ ይጻፍ። ደንገሉንና ዕይታ የሚጋርደውን ዛፍ ማጥፋትማ የሌለ ቤት መሸጥ ነው።

«ፎቶው መጥሪያ ብቻ ነው። ገዢው መጥቶ በዓይኑ ያየዋል።»

ባሕር ዳር ላይ ቤት ከሚገዙት መካከል በውጭ አገር ሆነው ፎቶውን በቴሌግራም አይተው ለወንድም ወይም ለአጎት ውክልና የሚሰጡ አሉ። ወኪሉ መጥቶ ያያል፤ የሚያየው ግን ገዢው «ይህን ልብ በል» ያለውን ነው፣ ገዢው ደግሞ በፎቶ ላይ ያልታየውን ልብ በል ሊለው አይችልም።

ሕጉም ፎቶን ከወሬ ለይቶ አይተወውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1704፣ አንዱ ወገን በተንኮል ካላታለለው በቀር ሌላው ውሉን አይዋዋልም ነበር በሚባልበት ጊዜ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይከለክላል። ከፎቶ ላይ የጠፋ ስንጥቅ ተንኮል ነው ወይ የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ ነገር ግን ያልጸዳው ዋናው ፎቶ በአንሺው ኮምፒውተር ውስጥ ከነቀኑ ስለሚገኝ፣ ሻጩ «አላየሁትም» ለማለት ይቸገራል።

«ሥሩ ላይ ‹ፎቶው ተስተካክሏል› ብዬ ጽፌአለሁ። ከዚያ ወዲያ ኃላፊነቱ የገዢው ነው።»

«ተስተካክሏል» የሚለው ብርሃኑ መጨመሩን ይሁን ግድግዳው መቀየሩን አይነግርም። አሜሪካ ውስጥ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ ተፈጻሚ ባደረገው ሕግ፣ በኮምፒውተር የተቀየረ የቤት ሽያጭ ፎቶ መቀየሩ እንዲገለጽና ገዢው ያልተቀየረውንም ማየት እንዲችል ግዴታ አለ። ብርሃንንና ቀለምን ማስተካከል፣ የተንጋደደውን ማቅናት የመሳሰሉት ከግዴታው ውጪ ናቸው። ልዩነቱ ትክክለኛ ይመስለኛል፤ ሰው የሚታለለው ግድግዳው ብሩህ በመሆኑ ሳይሆን ሌላ ግድግዳ በመሆኑ ነው።

እኛም ያለ ሕግ ልንጽፈው እንችላለን። የሽምብጡ ቤት በመጨረሻ የተለጠፈው ፒካፑ ከተነሣ በኋላ በተወሰደው ፎቶ ነበር። አሻሻጩ ቢያጉረመርምም፣ ስንጥቁ ስፋቱ እንዲታወቅ ማስመሪያ ተጠግቶለት በቅርብ ተነሣ። ከሥሩ የተጻፈው ይህ ነበር፦ «ከፎቶው የወጡ፦ በግቢው የነበሩ ጀሪካኖችና የልብስ ማስጫ ገመድ። ያልተነኩ፦ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ አጥር፣ የመብራት መስመር። በሳሎኑ መስኮት ሥር እርጥበትና ስንጥቅ አለ፤ ሰባተኛውን ፎቶ ይመልከቱ። ያልጸዱት ፎቶዎች ሲጠየቅ ይላካሉ።» ከደወሉት አንዱ ሰባተኛውን ፎቶ ለግንበኛ አሳይቶ፣ መሠረቱን ቆፍሮ የሚያይ ሰው ይዞ መጣ።